የቪዲዮ ባለቤት ያልተቆረጠውን ቅጂ እንዲሰጠኝ በደብዳቤ እንዴት ልጠይቅ? (ለትራንስክሪፕት)

ማኅደር ከስድስት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ልሳን ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የድሮ የፒያሳ ነዋሪዎች ስለ ሰፈራቸው ሲያወሩ ወሬያቸውን እንዴት እንደሚያያይዙት የሚመለከት ነው። «እንግዲህ» የሚሉት የት ላይ ነው? «አይደል?» ብለው የሰሚውን ፊት የሚያዩት መቼ ነው? ዝም ሲሉስ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ምንድን ነው? እንዲህ ያለው ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ።

አንድ የዩቲዩብ ቻናል በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ከመፍረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሦስት አዛውንቶችን አንድ ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ቀርጿል። የሚገርም ወሬ ነው። ችግሩ የወጣው ቪዲዮ 26 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተቆራርጧል፤ ከሥሩም ሙዚቃ ገብቶበታል። የቻናሉ ባለቤት ግን ከቪዲዮው ሥር ለአንድ ተመልካች ሲመልሱ ሙሉው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሆነ ጽፈዋል። እኔ የምፈልገው ያንን ሙሉውን ነው። ቢሯቸው ቸርችል ጎዳና ላይ ስለሆነ በእጄ ላደርስ እችላለሁ። ረቂቄ ይኸው፤ አንብባችሁ አስተያየት ስጡኝ።

> ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ
>
> ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ የማስተርስ ተማሪ ስሆን ለማደርገው ጥናት ድርጅትዎ ያዘጋጀው ቪዲዮ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘሁት የቪዲዮው ቅጂ እንዲሰጠኝና ለትምህርታዊ ዓላማ ብቻ እንድጠቀምበት እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እየጠየቅሁ ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር

---

ዮኒ ካዛንቺስ

እህቴ ምን አደከመሽ? ዩቲዩብ ላይ ከወጣ የሕዝብ ነው። አውርደሽ ሥሪበት፤ ምንጩን ጥቀሺ፤ አለቀ። እኔ ለመጀመሪያ ዲግሪዬ ከአንድ ቃለ መጠይቅ አራት አምስት መስመር ወስጄ ጽፌያለሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም። ደብዳቤ ስትጽፊ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሰውየው «ምንድን ነው ነገሩ?» ብሎ ይጠራጠርና ጭራሽ ይከለክልሻል።

---

ረድኤት ጠበቃ

ዮኒ፣ ግማሹን ልክ ነህ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሥራ ላይ ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል። መጠኑ ለዓላማው ከሚያስፈልገው ካላለፈና ምንጩና የሠሪው ስም ከተጠቀሰ ባለቤቱ ሊከለክል አይችልም። አራት አምስት መስመርህ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ማኅደር የምትጠይቀው ግን ሌላ ነው። አንደኛ፣ ያልወጣውን ክፍል ነው የምትፈልገው። ያ የሰውየው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለ እንጂ ለሕዝብ የቀረበ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሆነ ወሬ ሙሉ ትራንስክሪፕት በአባሪነት ማተም ጥቅስ ነው ማለት ይከብዳል። «ዩቲዩብ ላይ ስላለ የሕዝብ ነው» የሚለውም አይሠራም። ባለቤቱ ክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ መርጦ ከሆነ ማብራሪያው ሥር ተጽፎ ይገኛል። ከሌለ መብቱ እንዳለ የእሱ ነው።

---

እመቤት ሰባራ ባቡር

ኧረ ይሄ ነገር የኔንም ቁስል ነካው! የሰርጌን ቪዲዮ የቀረጸው ልጅ ሙሉውን አልሰጥም ብሎኝ እስካሁን እየተሟገትን ነው። የሰጠኝ የተቆራረጠውን ብቻ ነው። እናቴ ስትመርቀኝ ያለው ቦታ ላይ ዘፈን ለጥፎበት ድምፅዋ አይሰማም። ብሬን ከፍዬ የገዛሁት ነገር እንዴት የእሱ ይሆናል? ደብዳቤ ብጽፍለት ይሰጠኛል ትላላችሁ? ማኅደርዬ አንቺም ከፍለሽ ከሆነ ዝም እንዳትይ።

---

ብሩክ ኤዲተር

እመቤት፣ ያንቺ ነገር የውል ጉዳይ ነው። ስትዋዋሉ «ሙሉ ፉቴጅ» የሚል ነገር ካልተጻፈ ክርክሩ ይረዝማል። እናትሽ ስትመርቅሽ ያለውን ቦታ ብቻ ግን ሙዚቃውን አጥፍቶ ኤክስፖርት ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ፕሮጀክቱን ካልደመሰሰው ማለቴ ነው። ሙሉውን ከምትጠይቂው እሱን ብቻ ጠይቂው፣ ይሰጥሻል።

ማኅደር፣ እኔ አምባሳደር አካባቢ ኤዲቲንግ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢሮ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው «ይሄ ልጅ ፉቴጄን ወስዶ ሌላ ቻናል ላይ ሊጭነው ነው» የሚለውን ነው። ስንት ጊዜ ተሰርቋል! ደብዳቤሽ ውስጥ ይህንን ፍርሃት የሚያስታግስ ቃል የለም። «ለትምህርታዊ ዓላማ» ሁሉም ይላል።

ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ ኤዲተሩ ይወረውሩታል። ኤዲተሩ የቱን ቪዲዮ እንደሆነ አያውቅም፤ ምን ዓይነት ቅጂ እንደሆነም አያውቅም። «የቪዲዮው ቅጂ» ካልሽ የሚሰጥሽ ዩቲዩብ ላይ ያለውን ያንኑ ነው። አንቺም ወረቀት ይዘሽ ተመላልሰሽ መጨረሻ ላይ ስልክሽ ላይ ያለውን ነገር ትቀበያለሽ።

---

ማኅደር ከስድስት ኪሎ

ብሩክ በጣም አመሰግናለሁ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በወጣው ቪዲዮ 8:40 አካባቢ አንደኛው አባት «ያኔ እኮ እዚህ ጋ…» ይሉና ድምፃቸው ሳይቋረጥ ስዕሉ ወደ መንገዱ ይዞራል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ከዚያ «ታዲያ ምን ቀረ!» ብለው ይቀጥላሉ። እኔ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጌ ይዤው ነበር የምተነትነው። አማካሪዬ ግን አላመኑበትም።

---

ብሩክ ኤዲተር

አማካሪሽ ልክ ናቸው። ስዕሉ ከሰውየው ፊት ወጥቶ መንገድ፣ በር፣ የቡና ሲኒ ሲያሳይሽ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የድምፅ መቁረጥ አለ። ፊታቸው ላይ ብንቆርጥ ጭንቅላታቸው ዘልሎ ስለሚታይ በሌላ ስዕል እንሸፍነዋለን። «ያኔ እኮ እዚህ ጋ» የተባለው በአሥረኛው ደቂቃ፣ «ታዲያ ምን ቀረ» የተባለው ደግሞ በሃምሳኛው ደቂቃ ሊሆን ይችላል። በመሃል ያለውን ዝምታ ደግሞ እኛ ነን የምናወጣው፤ ተመልካች ስለሚሰለች። ሙዚቃው የሚገባውም መጋጠሚያው እንዳይሰማ ነው።

ስለዚህ ከወጣው ቪዲዮ ብትገለብጪ ወሬውን ያያያዘው ኤዲተሩ እንጂ አዛውንቶቹ አይሆኑም። ይህንኑ ደብዳቤው ላይ ጻፊው። ባለቤቱ ለምን ያልተቆረጠውን እንደፈለግሽ ወዲያው ይገባዋል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም።

---

የካሴት ሰው

ልጄ ማኅደር፣ ለብዙ ዓመት የድምፅ ማኅደር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ካሴትም ሪልም ለተማሪ ስናውስ ኖረናል። ብሩክ የነገረሽ ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምርልሽ።

የመጀመሪያው ስለ ድምፁ ነው። ሦስት ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ጥሩ ቀራጭ ከአንድ በላይ ማይክ ይጠቀማል። አንዱ ማይክ በግራ ቻናል፣ ሌላው በቀኝ ቻናል ይገባል፤ ወይም ለብቻው መቅረጫ ይኖረዋል። ሽማግሌዎች ደግሞ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቁ ነው የሚያወሩት። ቻናሎቹ እንደተለያዩ ካገኘሻቸው አንዱን ዘግተሽ ሌላውን ትሰሚያለሽ፤ ማን ምን እንዳለ ትለያለሽ። ሰውየው ሊተባበርሽ ብሎ ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ፋይል አድርጎ ከሰጠሽ ግን ያ ዕድል አለቀ። የተቀላቀለ ድምፅ መልሶ አይለይም። ስለዚህ «ድምፁ ሳይቀላቀል፣ ካሜራው ወይም መቅረጫው እንዳስቀመጠው» ብለሽ ጻፊ። ለየብቻ የተቀረጸ የድምፅ ፋይል ካለም ጠይቂ።

ሁለተኛው ስለ ፈቃዱ ነው። «እንድጠቀምበት» የሚለው ቃል ውስጥ ሦስት የተለያየ ነገር ተደብቋል። ቅጂውን መያዝ አንድ ነው። ሰምቶ መገልበጥና መተንተን ሌላ ነው። የገለበጡትን ማተምና ማሰራጨት ደግሞ ሦስተኛ ነው። ባለቤቱ ሁለቱን ፈቅዶ ሦስተኛውን ሊከለክል ይችላል፤ መብቱ ነው። አንድ ላይ ጠቅልለሽ ከጠየቅሽው ግን በሦስተኛው ፈርቶ ሦስቱንም ይከለክልሻል። ለያይተሽ ጠይቂ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊትም «እፈቅዳለሁ» እና «አልፈቅድም» የሚል ቦታ ተዪለት። ይህንን ያደረገ ተማሪ ባዶ እጁን ሲመለስ እምብዛም አላየሁም።

---

ዮኒ ካዛንቺስ

እሺ ጋሼ፣ ያልወጣው ክፍል ላይ አምኛለሁ። ግን አንድ ነገር፦ የትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ካለ ሌላው ሁሉ ምን ያደርጋል? ማህተም ያለበት ወረቀት ሲያዩ ይሰጣሉ። የሀገራችንን ነገር እናውቀዋለን።

---

የካሴት ሰው

ዮኒ ልጄ፣ የድጋፍ ደብዳቤው ያስፈልጋል፤ ተማሪ መሆኗን ያረጋግጣል። ግን «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። «አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት» ከማለት ውጪ ስለ ቪዲዮው ምንም አይልም። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ምን እንደፈቀደ የሚያውቀው ከእሷ ደብዳቤ ነው። ሁለቱ አብረው ይሂዱ፤ የትምህርት ክፍሉ በአባሪነት።

---

ረድኤት ጠበቃ

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ቪዲዮው የባለቤቱ ነው። ወሬው የማነው? አዋጁ ንግግርንና ሌሎች የቃል ሥራዎችንም ከሥራ ይቆጥራል። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ የተወራ ወሬ እዚያ ውስጥ ይገባል ወይ? እኔ ይገባል ብዬ መከራከር እችላለሁ፤ ሌላ ጠበቃ አይገባም ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል።

ያንን ብንተወው እንኳን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አዛውንቶቹ የተስማሙት ለዩቲዩብ ቪዲዮ ነው። የተቆረጠው ክፍል ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ስም፣ የቤተሰብ ጠብ፣ የበሽታ ነገር ሊኖር ይችላል። ኤዲተሩ የቆረጠው ተመልካች ስለሚሰለች ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ራሳቸው «ይሄን አታውጣው» ብለውት ሊሆን ይችላል። የቻናሉ ባለቤት በእነሱ ስም ሊፈቅድልሽ አይችልም። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ተናጋሪዎቹን የሚያገናኘኝ መንገድ ካለ» ብለሽ ጠይቂ፤ የተለየ ነገር ተነጋግረው ከሆነም እንዲነግሩሽ።

---

ብሩክ ኤዲተር

የረድኤት ነጥብ እውነት ነው። ቀረጻ ላይ «ይሄን አጥፋው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ካሜራውን አናቆምም፤ በኋላ እንቆርጠዋለን። ፋይሉ ግን እዚያው አለ።

ስለ ርክክቡም ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደክማል። ቪዲዮውን በቴሌግራም ላኩልኝ እንዳትይ። እንደ ቪዲዮ ከላኩት ይጨመቃል፤ ድምፁም ይጎዳል። እንደ ፋይል ቢልኩትም ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነውን በነፃው ቴሌግራም አይወስድልሽም። የአንድ ሰዓት ጥሬ ቀረጻ እንደ ካሜራው 20 ጊጋም 40 ጊጋም ይሆናል። ራስሽ ሃርድ ዲስክ ይዘሽ ሂጂ። ፍላሽ ከሆነ ፎርማቱን አስቀድመሽ እዪው። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይገባበትም፤ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይልሻል። ኤክስፋት አድርገሽው ሂጂ።

ደግሞ ጥሬ ቀረጻ ብዙ ጊዜ አንድ ፋይል አይደለም። ካሜራው በራሱ ይከፋፍለዋል፤ C0012፣ C0013 እያለ ይቀጥላል። ስሙን እንዳይቀይሩት ለምኚያቸው። ከ13 በኋላ 15 ከመጣ 14 የት ሄደ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። «ሙሉው፣ አንድ፣ ሁለት» ብለው ከሰየሙት ግን የጎደለው ነገር አይታወቅም።

ለጥናትሽ የፊት እንቅስቃሴ ካላስፈለገሽ ድምፁን ብቻ ብትጠይቂ በጣም ይቀላል። የ70 ደቂቃ ድምፅ በሁለት ቻናል፣ ሳይጨመቅ በዋቭ፣ 800 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ባለቤቱም ስዕል የሌለውን ነገር ማንም ሰርቆ እንደማይጭነው ያውቃል፤ ቶሎ እሺ ይልሻል። ኤዲተሩ እንዴት ብሎ ከጠየቀሽ ይህንን ስጪው፤ ቻናሎቹን አይቀላቅልም፦

```
ffmpeg -i C0012.MP4 -vn -c:a pcm_s16le C0012.wav
```

አንዳንድ ካሜራ ከአንድ በላይ የድምፅ ትራክ ያስቀምጣል። ትዕዛዙ ካልተነገረው አንዱን ብቻ ነው የሚያወጣው። በ `ffprobe C0012.MP4` ስንት እንዳለ ቀድሞ ይየው፤ ከዚያ `-map 0:a:0`፣ `-map 0:a:1` እያለ ለየብቻ ያውጣ።

---

ማኅደር ከስድስት ኪሎ

«አይደል?» ሲሉ ማን ላይ እንደሚያዩ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ስዕሉም ቢኖር ደስ ይለኛል። ግን አነስተኛ ጥራት ያለው ስዕል ይበቃኛል፣ ኢላን በሚባለው የትራንስክሪፕት ፕሮግራም ላይ ከድምፁ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ለማየት ብቻ ነው።

የሁላችሁንም ምክር ይዤ እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ ሳታዝኑልኝ አርሙት።

> ለአቶ …
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ በዶሮ ማነቂያ የተቀረጸውን ውይይት ያልተቆረጠ ድምፅ ቅጂና የአጠቃቀም ፈቃድ ስለመጠየቅ
>
> ጤና ይስጥልኝ። በሥነ ልሳን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. በቻናልዎ ያወጡትንና ሦስት አዛውንቶች ስለ ዶሮ ማነቂያ የሚያወሩበትን የ26 ደቂቃ ቪዲዮ ለመመረቂያ ጽሑፌ ልጠቀምበት እፈልጋለሁ። የቪዲዮው ርዕስና አድራሻ ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ አለ።
>
> የማጠናው ተናጋሪዎች ወሬያቸውን እንዴት እንደሚያያይዙና የት ላይ ዝም እንደሚሉ ነው። የወጣው ቪዲዮ ለተመልካች እንዲመች ተቆርጧል፤ ሙዚቃም አለበት። ስለዚህ ዝምታውንና የወሬውን ትክክለኛ ቅደም ተከተል ከእሱ ማግኘት አልችልም። በአንድ መልስዎ ላይ ሙሉው ቅጂ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሆነ ጽፈው አንብቤያለሁ።
>
> የምጠይቅዎ ይህ ነው። አንደኛ፣ የሙሉውን ቀረጻ ድምፅ፣ ማይኮቹ ሳይቀላቀሉና የፋይሎቹ ስም ሳይቀየር፣ እንዲሰጡኝ። ቢቻል አነስተኛ ጥራት ያለው ስዕልም ቢጨመርበት። ሁለተኛ፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ገልብጬ እንድተነትነው። ሦስተኛ፣ ከተገለበጠው ጽሑፍ አጫጭር ክፍሎችን በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ፣ ሙሉውን ደግሞ በአባሪነት እንዳወጣ። በሦስቱ ላይ የተለያየ ውሳኔ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ከታች ለእያንዳንዱ የመፈረሚያ ቦታ አለ።
>
> ድምፁንም ስዕሉንም በየትኛውም ቦታ አልጭንም፤ ለሌላ ሰው አላስተላልፍም። ከእኔ፣ ከአማካሪዬና ከፈታኞቼ በቀር የሚሰማው አይኖርም። ጥናቱ ሲያበቃ እንዳጠፋው ከፈለጉ አጠፋለሁ። ቻናልዎንና የቀረጸውን ባለሙያ በጽሑፉ ውስጥ በስም እጠቅሳለሁ።
>
> ከተቆረጠው ክፍል ውስጥ ተናጋሪዎቹ እንዳይወጣ የጠየቁት ካለ እባክዎ ያንን ለይተው ያስቀሩልኝ። ተናጋሪዎቹንም ራሳቸውን ፈቃድ ልጠይቅ ስለምፈልግ የሚገናኙበትን መንገድ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።
>
> ሃርድ ዲስክ ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ። የወጣውን 26 ደቂቃም ከጊዜ ምልክቱ ጋር ገልብጬ የግርጌ ጽሑፍ ማድረግ እንዲችሉ በ SRT ፋይል አስረክብዎታለሁ። እስከዚያው ጥሬ ቀረጻው እንዳይጠፋ አደራ እላለሁ።
>
> አባሪ፦ የትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ 1 ገጽ

---

ብሩክ ኤዲተር

አሁን ደብዳቤ ሆነ። የ SRT ነገር ጎበዝ! ለአንድ ቻናል ይህ ገንዘብ ነው። «እንዳይጠፋ አደራ» የሚለውን ግን ወደ ላይ አምጪው። ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚደመሰሰው የድሮ ጥሬ ቀረጻ ነው። ወረቀቱን አንብበው እስኪጨርሱ ዲስኩ ሊጸዳ ይችላል። ከደብዳቤው በፊት ብትደውዪም ጥሩ ነው፤ «አታጥፉት፣ ደብዳቤ ይዤ እየመጣሁ ነው» በያቸው።

---

ረድኤት ጠበቃ

«በአባሪነት» የሚለው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ። ዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎችን ኦንላይን ያስቀምጣል። ሰውየው አባሪ ሲባል በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ይመስለዋል። ኦንላይን እንደሚወጣ ካላወቀ የሰጠሽ ፈቃድ በኋላ ያጣላችኋል። በግልጽ ጻፊለት።

---

የካሴት ሰው

እኔ እዚህ ላይ ከረድኤት ትንሽ እለያለሁ። ሙሉውን ማውጣት ለምን አስፈለገ? ሙሉው ትራንስክሪፕት ለፈታኞች በተለየ ጥራዝ ይቅረብ፤ በጽሑፉ ውስጥ የተተነተኑት ክፍሎች ብቻ ይግቡ። ሽማግሌዎቹ ግቢያቸው ውስጥ ያወሩት ወሬ ዓለም ሁሉ የሚያነበው አይመስላቸውም።

---

ረድኤት ጠበቃ

ጋሼ፣ ያከብሩኛል ብዬ ነው የምከራከርዎ። ሙሉው ካልወጣ ሌላ ተመራማሪ የማኅደርን ትንተና ሊያረጋግጥ አይችልም። ሰፈሩም የለም። ይህ ወሬ አንድ ቦታ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት እላለሁ። ስሞቹን ቀይሮ ማውጣት ይቻላል።

---

የካሴት ሰው

ፊታቸው ዩቲዩብ ላይ እያለ ስም መቀየር ምን ይጠቅማል? ማንም ሁለቱን አገናኝቶ ያውቃቸዋል። እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ውሳኔው ግን የሽማግሌዎቹ ይሁን።

---

ማኅደር ከስድስት ኪሎ

አዲስ ነገር አለ። ደውዬ ነበር፤ ከዚያ ደብዳቤውን ወሰድኩላቸው። ባለቤቱ ቁጭ አድርገው አነበቡት። ስለ 8:40ው ስነግራቸው «እውነት ነው፣ እዚያ ጋ ብዙ ነገር ወጥቷል» አሉኝ። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ፈቅደው ፈርመዋል። ሦስተኛው ላይ አጫጭሩን ፈቅደው ሙሉው ኦንላይን እንዳይወጣ በእጃቸው ጽፈውበታል። ድምፁን ዛሬ አመጣሁ፤ አራት ፋይል ነው፣ ቁጥሩም አልተዘለለም። ግራው ማይክ የአንደኛውን አባት ብቻ ይይዛል፤ ቀኙ የሌሎቹን ሁለት።

8:40 ላይ ያለውን ፈለግኩት። «ያኔ እኮ እዚህ ጋ» ካሉ በኋላ ረጅም ዝምታ አለ። ከዚያ «እንግዲህ…» ብለው ስለ አንድ ዳቦ ቤት ያወራሉ፤ ሁለተኛው አባት መሃል ገብተው ያርሟቸዋል። «ታዲያ ምን ቀረ» የሚለው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በሌላኛው ፋይል ውስጥ ነው ያለው። የተናገሩት ደግሞ እሳቸው ሳይሆኑ ሦስተኛው አባት ናቸው!

የቀረኝ ነገር፦ ሁለቱን አባቶች ባለቤቱ በስልክ አገናኝተውኛል፤ ፈቅደውልኛል። ሦስተኛው ግን ከሰፈሩ ከተነሱ በኋላ ስልካቸው አይሠራም። ወደ አራብሳ ሄደዋል የሚል ወሬ ብቻ ነው ያለኝ። የእሳቸውን ድምፅ ልገልብጠው ወይስ ልተወው?

---

ዮኒ ካዛንቺስ

ዋው፣ ሌላ ሰው ነው የተናገረው?! እኔ እኮ «አውርጂና ሥሪ» ብዬሽ ነበር።

---

ረድኤት ጠበቃ

ለራስሽ ሥራ ገልብጪው፤ ባለቤቱ ፈቅዷል። ወደ ጽሑፉ ግን ከወጣው 26 ደቂቃ ውስጥ ካለው ውጪ የእሳቸውን ቃል አታስገቢ፣ እስኪገኙ። የፍለጋሽን ሙከራም ከነቀኑ መዝግቢ፤ ፈታኞች ይጠይቁሻል።

---

የካሴት ሰው

መገልበጡንም ቢሆን እኔ አላቻኩልም ነበር። መጀመሪያ የሁለቱን ጨርሺ፤ እሱ ራሱ ጊዜ ይወስድብሻል።

---

እመቤት ሰባራ ባቡር

ማኅደርዬ፣ ሰው ከሰፈር ቢነሳ ከእድር አይነሳም። የዚያ አካባቢ እድር አባላት ተበታትነውም መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ለቅሶ ሲኖር ይጠራራሉ። የእድሩ ጸሐፊ የእያንዳንዱን አባል ስልክ የያዘበት መዝገብ አለው። የኔ አክስት እዚያ እድር ውስጥ ናት፤ የጸሐፊውን ቁጥር ጠይቄልሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የአባትዬውን ስም ሙሉውን ከነአያቱ ጻፊልኝ፤ እዚያ መዝገብ ውስጥ አንድ ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

የኔን ጉዳይ ለጠየቃችሁኝ፦ ብሩክ እንዳለኝ የምርቃቱን ቦታ ብቻ ጠየቅኩት። ልጁ ፕሮጀክቱ እንዳለ ነው፣ እሁድ ነይ ብሎኛል።